«ዋጋ በውስጥ መስመር» ማንን ነው የሚጠቅመው?

ባለፈው ወር ዱባይ የምትኖር ጓደኛዬ እዚህ አዲስ አበባ ላለች እህቷ የልደት ስጦታ ጫማ ልትገዛ ፈለገች። ቲክቶክ ላይ አንድ ነጭ ስኒከር አይታ ወደደችው። ከቪዲዮው ስር ያሉትን ኮሜንቶች ታውቋቸዋላችሁ፤ ከላይ እስከ ታች «ዋጋ?»፣ «ዋጋ ስንት ነው?»፣ «ዋጋ እባካችሁ» ነው። መልሱም ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ነው፦ «ኢንቦክስ»። ጓደኛዬ በ971 በሚጀምረው ስልኳ በዋትሳፕ ጠየቀች። 4,500 ብር አሏት። የሆነ ነገር ሸተታትና «እስቲ አንቺ ጠይቂልኝ» አለችኝ። በእኔ ቁጥር ጠየቅሁ። 3,200 ብር። ጫማው ያው፣ ቁጥሩ ያው 38፣ የተጠየቀበት ሰዓትም ያው።

በዚህ ተናድጄ ሻጮችን የሚወቅስ ጽሑፍ ልጽፍ ነበር። ችግሩ የአክስቴ ልጅም እንደዚሁ ነው የምትሸጠው። መገናኛ አካባቢ አንድ ሕንፃ ውስጥ ሁለት ሰው ቆሞ የማይተላለፍባት ጠባብ ሱቅ አላት፤ የሴት ጫማ ትሸጣለች፤ አራት ሺህ ገደማ ተከታይ ያለው የቴሌግራም ቻናል አላት። ፎቶ፣ የቁጥር ዝርዝር፣ ከዚያ «ዋጋ በውስጥ መስመር»። ታሪኩን ስነግራት ሳቀች። «አንቺ ዩኒቨርሲቲ ተምረሽ ይሄ ይገርምሻል?» አለችኝ። ከዚያ ክርክር ጀመርን፤ ክርክሩ ሲረዝም ደግሞ ደብተር አወጣን። የምጽፈው ከዚያ ደብተር ነው።

መጀመሪያ የእሷን ምክንያቶች ልናገር። ከእኔ የተሻለ ታውቀዋለችና ዝም ብሎ «ድብቅነት ነው» ብሎ ማለፍ አይገባም።

የመጀመሪያው የምንዛሪው ነገር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ዶላር በባንክ ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ገባ። በዚያ ሰሞን መርካቶ ያለው አከፋፋይ ጠዋት የነገራትን ዋጋ ከሰዓት አይደግመውም ነበር። ዋጋ የጻፈ ነጋዴ በጻፈው ሸጦ በሸጠበት ብር ያንኑ ዕቃ መልሶ ማምጣት አቃተው። ከዚያ ጊዜ ወዲህ ብዙ ሻጭ ዋጋ መጻፍ አቆመ፤ ልማዱም እንደዚያው ቀረ።

ሁለተኛው ተረካቢዎቹ ናቸው። ከእሷ ስድስትም አሥርም ጥንድ ወስደው ክፍለ ሀገር የሚሸጡ ደንበኞች አሏት። እሷ 3,150 ብላ ቻናል ላይ ከጻፈች፣ ሐዋሳ ያለችው ተረካቢ ደንበኞቿ ያንን አይተው «አዲስ አበባ እኮ በዚህ ዋጋ አለ» ይሏታል። ይሄ እውነተኛ ጭንቀት ነው።

ሦስተኛው ፉክክር ነው፤ «ዋጋዬን ካዩ ይሰብሩብኛል» ትላለች። አራተኛው ድርድር ነው፤ ሰው እንደየአቅሙና እንደየችሎታው ይከፍላል፣ እሷም ከዚያ ትጠቀማለች። አምስተኛውን ደግሞ ከአንድ «የሶሻል ሚዲያ አሠልጣኝ» ነው የሰማችው፦ ሰው ዋጋ እየጠየቀ ኮሜንት ሲጽፍ ፖስቱ ለብዙ ሰው ይደርሳል። (የገቢዎችን ነገርም ሹክ ብላኛለች፤ እሱን እንለፈው።)

የመጨረሻውን በአጭሩ ልጨርሰው። ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ ኮሜንት የበዛበት ፖስት ለሌሎችም የመታየት ዕድሉ ሊሰፋ ይችላል። ቴሌግራም ቻናል ግን እንደዚያ አይሠራም። ፖስቱ የሚደርሰው ለተከታዩ ነው፤ ከዚያ የሚያልፈው አንድ ሰው ፎርዋርድ ሲያደርገው ነው። ውስጥ መስመር ገብቶ «ስንት ነው?» ያለ ሰው ደግሞ ለማንም አላሳየላትም። እንዲያውም ዋጋ ያለበት ፖስት ነው ፎርዋርድ ለመደረግ የሚመቸው፤ «ይሄን እዪ፣ 3,150 ነው» ብሎ ለእህት መላክ ይቻላላ። ለአንዱ መድረክ የተሰጠ ምክር ለሌላው ተገልብጦ ነው እዚህ የደረሰው።

አሁን ወደ ደብተሩ። ለአንድ ሳምንት ውስጥ መስመር የገባውን ሰው ሁሉ ቆጠርን። በዓል የሌለበት፣ የወሩ መጨረሻም ያልሆነ ተራ ሳምንት ነው የመረጥነው። 212 ሰው ጻፈ። ከእነዚህ ውስጥ 163ቱ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ዋጋ ብቻ ነበር። የቀሩት 49ኙ ቁጥር፣ ቀለም፣ አድራሻ የመሳሰለውን የጠየቁ ናቸው። ዋጋ ከጠየቁት 163 ሰዎች 118ቱ ዋጋው ሲነገራቸው አንድም ቃል ሳይመልሱ ጠፉ። «እሺ» እንኳ የለም። በመጨረሻ ዋጋ ጠያቂዎቹ ውስጥ የገዙት 9 ናቸው፤ ሌላ ነገር ከጠየቁት 49 ሰዎች ደግሞ 8 ገዙ።

ለእያንዳንዱ ሰው በአማካይ ሁለት ደቂቃ ብትሰጠው 212 ሰው ሰባት ሰዓት ይሆናል። በሳምንት ሰባት ሰዓት ማለት ለእሷ አንድ ሙሉ የሥራ ቀን ነው ለማለት ይቀራል። ያውም በአንድ ላይ የተቀመጠ ሰዓት አይደለም። ሱቅ ውስጥ ደንበኛ ጫማ እየለካ ስልኳ ይንጫጫል፤ ስልኩን ስታይ ደንበኛው ወጥቶ ይሄዳል፤ ደንበኛውን ስታስተናግድ ውስጥ መስመር ያለው ይጠብቃል። ከገዙት 9 ዋጋ ጠያቂዎች 8ቱ በግማሽ ሰዓት ውስጥ መልስ ያገኙ ነበሩ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ከተመለሰላቸው ውስጥ የገዛ አንድም ሰው የለም።

እዚህ ላይ «118ቱ መጀመሪያም የማይገዙ ናቸው» አለችኝ። ትክክል ናት፤ ዋጋው የማይሆናቸው ሰዎች ናቸው። ታዲያ ዋጋው እንደማይሆናቸው ከፖስቱ ላይ ቢያውቁት ኖሮ የእሷን አራት ሰዓት ይተዉላት ነበር። እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን ደብተሩ ላይ ያልገባው ሰው ነው። ፖስቱን አይቶ፣ ወዶ፣ ዋጋ ለመጠየቅ ሰንፎ ወይም አፍሮ ያለፈው። እሱን መቁጠር አይቻልም። ግን እኛ ራሳችን እንደ ገዢ የምናደርገውን እናውቃለን፤ ዋጋ ያልተጻፈበት ዕቃ ስናይ ልባችን የሚለን «ውድ ነው» ነው። ርካሽ ቢሆንማ ይጽፈው ነበር እንላለን። ዋጋው ደህና የሆነ ሻጭ ዝም ሲል ዝምታው ከውዶቹ ተርታ ያሰልፈዋል።

ኢኮኖሚክስ ስማር በጣም ከገረሙኝ ነገሮች አንዱ ይህንኑ ጉዳይ ይመለከታል። ፒተር ዳይመንድ የተባለ አሜሪካዊ የምጣኔ ሀብት ሊቅ፣ በኋላ በ2010 እ.ኤ.አ. ኖቤል የተሸለመ፣ በ1971 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ አንድ ቀላል የምትመስል ጥያቄ ያነሳል። ብዙ ሻጭ አንድ ዓይነት ዕቃ ይሸጣል እንበል። ገዢው ግን የእያንዳንዱን ዋጋ ለማወቅ ትንሽ መድከም አለበት፤ አንድ መልእክት መጻፍና መጠበቅ። ሁሉም በ3,000 ብር ሲሸጡ አንዷ 3,050 ብትል ምን ይሆናል? ገዢው አንዴ እሷን ጠይቋል። ለ50 ብር ብሎ ሌላ ሱቅ ጽፎ እስኪመለስለት ከሚጠብቅ ይከፍላታል። ይህ ለሁሉም ሻጭ እኩል ይሠራል፤ ስለዚህ ሁሉም ትንሽ ይጨምራል፤ ከዚያ እንደገና ትንሽ። ሻጩ መቶም ይሁን ሺህ፣ ዋጋው አንድ ብቻውን የሚሸጥ ነጋዴ የሚጠይቀው ዋጋ ድረስ ይወጣል። ፉክክሩ በብዛት ቢኖርም መጠየቅ አድካሚ ስለሆነ ብቻ ይሞታል።

ይሄንን ስነግራት «ታዲያ ለእኛ ጥሩ ነው ማለት ነዋ!» አለች። እኔም መጀመሪያ ክፍል ውስጥ እንደዚያው አስቤ ነበር። ነገር ግን ገዢውም ይህንን ያውቃል፤ ቀመሩን ባያውቅ እንኳ ከልምድ ያውቀዋል። ጠይቆ የሚያገኘው ሁሌም ውድ ከሆነ መጠየቁን ራሱ ይተወዋል። ሰፈር ያለችው ቡቲክ ይሄዳል፣ ወይም ዱባይ ያለችውን ጓደኛውን «ስትመጪ ይዘሽልኝ ነይ» ይላል። ስለዚህ ገበያው በሙሉ «ኢንቦክስ» ሲል ለጥቂት ጊዜ ትርፍ ይኖራል፤ ከዚያ የሚጠይቀው ሰው ይቀንሳል። ሌላው ሁሉ ሲደብቅ የሚጽፍ ሰው ደግሞ ያንን መጠየቅ የሰለቸ ገዢ ለብቻው ያገኘዋል። አሁን የምንጽፍበት ጊዜ ነው ያልኳት ለዚህ ነው።

«ተፎካካሪ ያየዋል» የሚለው ግን በቀላሉ የሚጣል ክርክር አይደለም። በእርግጥ ዋጋ ይፋ መሆኑ ሁሌ ገዢን የሚጠቅም አይመስላችሁ። ዴንማርክ ውስጥ በ1993 እ.ኤ.አ. የውድድር ባለሥልጣኑ ፉክክር እንዲጠነክር ብሎ የተዘጋጀ ኮንክሪት አምራቾች የሸጡበትን ትክክለኛ ዋጋ ማሳተም ጀመረ። በአንድ ዓመት ውስጥ ዋጋው ከ15 እስከ 20 በመቶ ጨመረ። ለምን? ገበያው ላይ ያሉት አምራቾች ጥቂት ናቸው፤ ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ለደንበኛው በስውር ቅናሽ ይሰጥ ነበር፤ ዝርዝሩ ሲታተም ግን ማን እንደቀነሰ ሁሉም ማየት ቻለ፤ መቀነስ ቀረ። በአንጻሩ እስራኤል በ2015 እ.ኤ.አ. ትልልቅ ሱፐርማርኬቶችን የእያንዳንዱን ዕቃ ዋጋ ኢንተርኔት ላይ እንዲያወጡ ስታስገድድ ዋጋው ከ4 እስከ 5 በመቶ መውረዱን ያጠኑ ሰዎች አሉ። ልዩነቱ ከይፋ መሆኑ በፊት ማን ያውቅ ነበር የሚለው ላይ ነው። ዴንማርክ ላይ አዲስ ዕውቀት ያገኙት ሻጮቹ ናቸው። እስራኤል ላይ ግን ሱፐርማርኬቶቹ ድሮም አንዱ የሌላውን መደርደሪያ ሄዶ ማየት ይችሉ ነበር፤ አዲስ ያወቀው ገዢው ነው።

ታዲያ መገናኛ ላይስ? የአክስቴ ልጅን ጠየቅኋት፦ «ጎረቤትሽ ያለችው ያንን ነጭ ስኒከር ስንት ነው የምትሸጠው?» ሳታስብ መለሰችልኝ፤ የመጨረሻ ዋጋዋን ጨምሮ። ሁለቱም የሚያወርዱት ከአንድ መርካቶ ካለ አከፋፋይ ነው። እዚያ ኮሪደር ላይ ያለ ሰው ሁሉ ስንት ገብቶ ስንት እንደሚወጣ ያውቃል። ካላወቀ ደግሞ እንደ ገዢ ሆኖ በሌላ አካውንት ይጠይቃል፤ እሷ ራሷ ስታደርገው አይቻለሁ። ስለዚህ «በውስጥ መስመር» የሚለው መጋረጃ ከተፎካካሪ የሚጋርደው ነገር የለም። ዋጋውን የማያውቀው ገዢው ብቻ ነው።

አንድ ነገር ግን በመሃል ልጥቀስ፤ ቴሌግራም ላይ «ዋጋ በውስጥ መስመር» ከሚሉት ቀላል የማይባሉት ዕቃው በእጃቸው የለም። የሌላ ሱቅ ፎቶ ወስደው ይለጥፋሉ፤ ሲጠየቁ ባለሱቁ ጋ ይደውላሉ፤ ከዚያ የራሳቸውን 300 ወይም 500 ብር ጨምረው ይመልሳሉ። ዋጋ የማይጽፉት ዋጋውን ስለማያውቁት ነው! ሥራው ነውር የለበትም፤ ድለላ ድሮም ያለ ነው። ግን ዕቃ ያላት ባለሱቅ ዕቃ እንደሌለው ሰው ስትናገር ገዢው ሁለቱን በምን ይለያቸው? እኔ እንደ ገዢ «ዋጋው ስንት ነው?» ብዬ «ቆይ ላጣራልሽ» ከተባልኩ፣ የማወራው ከባለዕቃው ጋር እንዳልሆነ እጠረጥራለሁ።

ድርድሩ ላይ ነው ረጅሙን ጊዜ የተከራከርነው። ያ ነጭ ስኒከር ከመርካቶ በ2,350 ብር ነው የሚገባው። እሷ 3,500 ብላ ትጀምራለች። የመጨረሻዎቹን አሥር ሽያጮች ከሞባይል ባንኪንግ መልእክቶቿ ላይ ለቀምን። ዝቅተኛው 2,900፣ ከፍተኛው 3,500፣ አማካዩ 3,120 ነበር። ከዚያ እነማን ስንት እንደከፈሉ አየን። 2,900 የከፈሉት ደጋግመው የሚመጡ፣ ጊዜ ያላቸው፣ «መጨረሻው ስንት ነው?»ን የሚያውቁበት ናቸው። 3,500 ከከፈሉት ሦስቱ ውስጥ አንዷ ለማግስቱ ምርቃት በምሽት የጠየቀች ተማሪ ናት፤ አንዱ ለእጮኛው የሚገዛ ልጅ፤ አንዷ ከውጭ ሆና የምትልክ። «እንደየአቅሙ ይከፍላል» የሚለው ነገር እዚህ ላይ ተሰበረ። የከፈሉት እንደ አቅማቸው ሳይሆን እንደ ቸኮላቸው ነው። ተማሪዋ ከደጋጋሚዎቹ ሀብታም አልነበረችም።

እና ከዚህ ሁሉ ድርድር የሚገኘው አማካይ 3,120 ከሆነ፣ 3,150 ብሎ ጽፎ «ቁርጥ ዋጋ» ማለት ምን ያስቀርባታል? ደጋጋሚዎቹ ሊያኮርፉ ይችላሉ። ያንን ነው የፈራችው፤ ፍርሃቷም ተገቢ ነው። በተረፈ 3,500 ብሎ መጻፍ ደግሞ የባሰ ነው፤ ዋጋ ከተጻፈ በኋላ ሰው ያወዳድራል፤ ለድርድር ተብሎ የተጨመረው 350 ብር ሳትደራደሩ ያባርራል። ዋጋ የሚጽፍ ሰው የሚጽፈው በእውነት ሊሸጥበት የፈለገውን ነው እንጂ የመነሻውን አይደለም። ብዙ ሰው «ዋጋ ጽፌ አይቼዋለሁ፣ አልሠራም» ሲለኝ ስንት ብሎ እንደጻፈ እጠይቃለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ የጻፈው የመነሻውን ነው።

ለአንድ ወር እንሞክረው አልን። ፖስቱን እንዲህ አደረግነው፦ የጫማው ፎቶ፤ «ቁጥር 37፣ 38፣ 40 አለ»፤ «3,150 ብር፣ ቁርጥ ዋጋ»፤ «ዋጋው እስከ ቅዳሜ መስከረም 24»፤ «አዲስ አበባ ውስጥ የማድረሻ ሒሳብ ለብቻው»፤ መጨረሻ ላይ «ለተረካቢዎች በውስጥ መስመር»። የተረካቢውን ነገር በዚህ ፈታነው። ጅምላ ዋጋ በብዛቱ ስለሚወሰን ድሮም በፖስት የሚጻፍ አይደለም። ለሐዋሳዋ ደግሞ ደውላ ነገረቻት፤ አዲስ ሞዴል ሲገባ እሷ ከወሰደች በኋላ ሁለት ሳምንት ቻናል ላይ እንዳይወጣ ተስማሙ። ሙሉ በሙሉ ደስ አላላትም። አንድ ተረካቢ ጭራሽ ጠፍቷል፤ በዚህ ይሁን በሌላ አናውቅም።

ቀኑን የጻፍነው በምንዛሪው ምክንያት ነው፤ ጥቅሙን ግን ከስህተት ነው በደንብ የተማርነው። በሁለተኛው ሳምንት አዲስ ጭነት በ2,500 ገባና ዋጋው 3,300 ሆነ። ፖስቱን አስተካከለች። በሦስተኛው ቀን አንዲት ሴት 3,150 የሚል ይዛ ሱቅ ድረስ መጣች። ቻናሉ ላይ ያለውን ፖስት ስታስተካክሉት ቀድሞ ፎርዋርድ የተደረገው ቅጂ አብሮ አይስተካከልም፤ አሮጌው ዋጋ በየግሩፑ ይዞራል። ሴትየዋ ጋ የደረሰው ፖስት ቀን ያልተጻፈበት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር። በ3,150 ሸጠችላት፤ ሌላ አማራጭም አልነበራትም። ከዚያ በኋላ ቀን የሌለው ፖስት ወጥቶ አያውቅም፤ ያለቀ ዕቃም በዚያው ቀን «አልቋል» ተብሎ ይጻፍበታል።

የወሩ ውጤት ይኸው። በሳምንት የሚጽፈው ሰው ከ212 ወደ 74 ገደማ ወረደ። የመጀመሪያውን ሳምንት ስልኳ ዝም ሲል ደንግጣ ልታቆመው ነበር፤ ዝም ያለ ስልክ የሞተ ገበያ ይመስላል። ሽያጩ ግን በቴሌግራም በኩል ከ17 ወደ 19 ነው የሆነው። ሁለት ጫማ ምንም ማለት አይደለም፤ በአጋጣሚም ሊሆን ይችላል፤ ይሄን ጥናት ብዬ ልሸጥላችሁ አልፈልግም። ግልጽ የሆነው ነገር ሽያጩ አለመቀነሱና ሥራው ወደ ሲሶው መውረዱ ነው። የጥያቄውም ዓይነት ተለወጠ። «ስንት ነው?» ቀርቶ «38ቱ ጠባብ ነው ወይስ ልኩ?» ሆነ። ይህን የሚጠይቅ ሰው ሊገዛ የቀረበ ነው። «መጨረሻው ስንት ነው?» ግን አልጠፋም፤ ቁርጥ ዋጋ የሚለው ቃል ለብዙ ሰው የድርድር መክፈቻ ነው።

ታዲያ ሁሉም ሰው ይጻፍ ማለቴ ነው? አይደለም። ሰፈራችን የሐበሻ ቀሚስ የሚያሠሩ አንዲት እናት አሉ። ሽሮ ሜዳ ካሉ ሸማኔዎች ጋር ነው የሚሠሩት። የእሳቸው ዋጋ በጥለቱ ስፋት፣ በክሩ ዓይነት፣ በለባሿ ቁመት፣ በሥንት ቀን ይድረስ በሚለው ሁሉ ይለያያል። «ዋጋ ይጻፉ» ብላቸው የማልጽፈውን ጻፊ ማለት ነው። ሴትየዋን ሳወራቸው ነው ለራሴ መለያ ያገኘሁት፦ ገዢው ምንም ሳይነግረኝ ዋጋውን መናገር እችላለሁ? ነጭ ስኒከር ላይ መልሱ አዎ ነው፤ ማንም ጠየቀ ማን ጫማው አንድ ነው። ቀሚሱ ላይ መልሱ አይ ነው፤ መጀመሪያ ገዢዋ ልትነግራቸው የሚገባ ነገር አለ። ውስጥ መስመር የተሠራው ለሁለተኛው ነው። የገዢው ስልክ በ971 መጀመሩ ግን ስለ ጫማው የሚነግረን ነገር የለም።

ያም ሆኖ እሳቸውም አንድ ነገር ለወጡ። «ከ8,000 ብር ጀምሮ» እያሉ ይጽፉ ነበር። በ8,000 የተሠራ ቀሚስ እንዳለ ስጠይቃቸው፣ ካለፈው ዓመት ወዲህ የለም አሉ። ፎቶው ላይ ያለው በ14,000 የተሠራ ነው። የምትመጣው ልጅ 8,000 ይዛ 14,000ውን ተመኝታ ነው የምትመጣው፤ ሁለቱም ይቀያየማሉ። አሁን የሚጽፉት «ይህ በፎቶው ላይ ያለው በ14,000 ብር ተሠርቷል፤ ጥለቱ ሲጠብ ይቀንሳል» ነው። የሚታየው ነገር ዋጋ ተጻፈ፤ የማይታየው በውስጥ መስመር ቀረ።

ሕጉን ያነሳሁት መጨረሻ ላይ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ክርክራችን ውስጥም ብዙ ቦታ አልነበረውም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ የዕቃውን ዋጋ በሱቁ ግልጽ ቦታ በዝርዝር እንዲለጥፍ ወይም ዕቃው ላይ እንዲያደርግ ያዛል። የአክስቴ ልጅ ሱቅ ውስጥ አንድም ዋጋ የተለጠፈበት ጫማ የለም፤ ኮሪደሩ ላይም አላየሁም። አሁን የሚያስቀው፣ ቻናሏ ላይ ዋጋ አለ፣ ሱቋ ውስጥ የለም። ሰው ከፊቷ ቆሞ ስልኩን አውጥቶ ቻናሏን ከፍቶ ዋጋ ያያል።

ዱባይ ያለችው ጓደኛዬ ጫማውን ከእሷ ገዛች፤ በ3,300፤ እንደማንኛውም ሰው። የአክስቴ ልጅ ግን ሙሉ በሙሉ አልተሸነፈችም። ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ለሠርግ የሚሆኑ ባለ ከፍተኛ ተረከዝ ጫማዎች አሏት፤ እነሱ ላይ አሁንም «በውስጥ መስመር» ነው የሚለው። «እሱን ተዪልኝ፣ ሙሽራ አትከራከርም» አለችኝ። በመለያዬ ብናየው እሱም መጻፍ ነበረበት። ነግሬያታለሁ፤ ገና እየተከራከርን ነው።